ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አፌ ተሳሰረ

«ሰላም ጋሼ። የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። የጁሪስፕሩደንስ ወይም የሕግ ፍልስፍና መምህራችን ከማጠቃለያው ግማሹን ማርክ በቃል ፈተና ነው የምሰጠው ብለውናል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዶርም ውስጥ የልምምድ ፈተና፣ ሞክ፣ ሠራን። ‹ሃርት ስለ ሕግና ሞራል ምን ይላል?› ሲሉኝ ‹አይገናኙም ይላል› አልኩ። ‹ታዲያ የናዚ ሕግ ሕግ ነበር?› ‹አዎ።› ‹ስለዚህ ዳኛው መታዘዝ ነበረበት?› እዚህ ላይ አፌ ተሳሰረ። ኖቴን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ! ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ንባብ ልጨምር ወይስ ሌላ መላ አለ?»

እህቴ፣ ንባብ አትጨምሪ። የጣለሽ ሦስተኛው ጥያቄ አይደለም። የጣለሽ የመጀመሪያው መልስሽ ነው። ሦስተኛው ሒሳቡን ለማወራረድ ብቻ ነው የመጣው።

«ሕግና ሞራል አይገናኙም» ያለ ፖዚቲቪስት፣ ማለትም ሕግ የሚሆነው ሰው ስላወጣው ነው የሚል የሕግ ፈላስፋ፣ እኔ አላውቅም። እንግሊዛዊው ፖዚቲቪስት ሃርት ያለው ከዚህ በአንድ ቃል ይለያል። በሕግና በሞራል መካከል የግድ የሆነ ግንኙነት የለም ነው ያለው። «የግድ» የምትለው ቃል ናት ከአንቺ መልስ የጎደለችው። እሷን ስትጥያት ሃርትን ጥለሽ ሌላ ሰው ሠራሽ፣ ከዚያም ያንን ሰው ለመከላከል ተገደድሽ። ሕግ ከሞራል ብዙ እንደሚቀዳ፣ በሞራልም እንደሚተች ሃርት ራሱ ይስማማል። አንድ ማኅበረሰብ እንዲኖር ከተፈለገ ሕጉ ስለ ግድያና ስለ ንብረት ጥቂት ነገር ማለት አለበት ብሎም ጽፏል። እሱ የሚከለክለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። «ይህ ደንብ ክፉ ነው፣ ስለዚህ ሕግ አይደለም» ማለትን።

ታዲያ «ሕግ ነበር?» ሲሉሽ «አዎ» ማለትሽ ልክ ነበር። «መታዘዝ ነበረበት?» ሲሉሽ ግን ጥያቄው ተቀይሯል። አንቺ ያንኑ ጥያቄ እየመለስሽ መሰለሽ። አንድ ደንብ ሕግ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ መታዘዝ የሚገባው መሆኑ ሌላ ነገር ነው። የሃርት ሐሳብ መሠረቱ ሁለቱን መለየት ነው። ሰው «ይህ ሕግ ነው፣ ግን እንዳልታዘዘው የሚያደርግ ክፋት አለበት» ማለት እንዲችል ይፈልጋል። ቤንታምም የፖዚቲቪዝም አባት ተብሎ፣ ዕድሜውን የጨረሰው የእንግሊዝን ሕግ ሲተች ነው። ሕጉን ለመተቸት መጀመሪያ ሕግ መሆኑን ማመን ነበረበት።

ስለዚህ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነበር። «አይደለም። ሕግ ነበር ማለቴ መታዘዝ ይገባ ነበር ማለቴ አይደለም። ለሃርት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።» ይኸው ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚህ የባሰ ነገር ደርሶብኛል። አንድ ፈታኝ «እሺ፣ እና?» አሉኝ። ሁለት ቃል ብቻ። እኔ የማላውቀው ነገር የተጠየቅኩ መስሎኝ ሌሎቹን የሕግ ፈላስፎች ኬልሰንን፣ ኦስቲንን፣ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሰውየው የፈለጉት ከተናገርኩት ነገር የሚከተለውን እንድናገር ነበር። በኋላ እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ስቀመጥ ያየሁት ያንኑ ነው። ተማሪ የሚወድቀው የማያውቀው ጥያቄ መጥቶበት ሳይሆን፣ ራሱ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ የተናገረው ነገር ተመልሶ ሲመጣበት ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን እስከ ታች እንውረድ። የናዚውን ጉዳይ ራሱን ልውሰድ፣ ምክንያቱም መምህርሽ ከዚያ እንደማይወጡ እገምታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1944 አንድ የጀርመን ወታደር ለፈቃድ ቤቱ ይመጣል። ለሚስቱ ስለ ሂትለር ክፉ ነገር ይናገራል። ሚስትየው ልትገላገለው ፈልጋ ስለነበር ሄዳ ታሳብቅበታለች። ሞት ተፈረደበት፣ ኋላ ግን ሳይገደል ወደ ጦር ግንባር ተላከ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስትየው ተከሰሰች። ክሱ የሰውን ነፃነት በሕገ ወጥ መንገድ ማሳጣት የሚል ነበር፣ በ1871ዱ የጀርመን የወንጀል ሕግ መሠረት። እሷም «እኔ በጊዜው የነበረውን ሕግ ነው የተከተልኩት» አለች። በ1949 በባምበርግ ያለ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላት። እ.ኤ.አ. በ1958 ሃርትና አሜሪካዊው የሕግ ፈላስፋ ፉለር በአንድ መጽሔት ላይ ፊት ለፊት የተከራከሩት በዚህች ሴት ነው።

ፈታኙ እንዲህ ይጀምራል እንበል፦ «ሃርት ሴትየዋን ነፃ ይለቃታል?»

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «አዎ፣ ሕጉን ስለተከተለች» ይላል። ስህተት ነው። ሃርት ሁለት መንገድ ነው ያስቀመጠው። አንዱ ሴትየዋን መልቀቅ ነው፣ ክፉ ሥራ ሠርታ ሳትቀጣ ትቀራለች። ሌላው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ በግልጽ አውጥቶ መቅጣት ነው። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ግን ዋጋውን ሳይደብቅ ይክፈል ባይ ነው።

«ለምን? ያ ሕግ ሕግ አልነበረም ቢባል ምን ይጎዳል?»

ይህ ከሁሉም የምወደው ተከታይ ጥያቄ ነው። መልሱ ግልጽነት ነው። «ያ ሕግ አልነበረም» ስንል አንድ የምናከብረውን መርሕ እንደሠዋን እንደብቃለን። ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም ወንጀል ባልነበረ ነገር አይቀጣም የሚለውን መርሕ ማለቴ ነው፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 ይዞታል። እሱን ጥሰን ምንም እንዳልጣስን መምሰል ለሃርት ራስን ማታለል ነው።

«ፉለርስ ምን ይላል?»

ተጠንቀቂ። እዚህ ላይ «ፉለር የተፈጥሮ ሕግ ሰው ስለሆነ ክፉ ሕግ ሕግ አይደለም ይላል» ካልሽ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «ከቶማስ አኩዊናስ በምን ይለያል?» ነው። ያኔ ነገር ይበላሻል። የፉለር ነገር በይዘቱ ክፋት አይጀምርም፣ በአሠራሩ ነው የሚጀምረው። ሕግ እንዲባል ደንቡ የታወጀ፣ ግልጽ፣ ወደ ፊት የሚሠራ፣ ሰው ሊፈጽመው የሚችል መሆን አለበት። ባለሥልጣኑም እንደተጻፈው ሊሠራበት ይገባል። ስምንት ነጥብ አድርጎ ዘርዝሯቸዋል፣ ስምንቱንም መቁጠር ግን አይጠበቅብሽም። ይልቅ ወደ ሴትየዋ ጉዳይ ውሰጂው። በሕጉ መሠረት ወንጀል የሚሆነው ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚደርስ ንግግር ነበር። ሰውየው የተናገረው ቤቱ ውስጥ፣ ለገዛ ሚስቱ ነው። ይህን እንደ አደባባይ ንግግር የቆጠረ ፍርድ ቤት የተጻፈውን ቃል ትርጉም አሳጥቶታል። ፉለር የሚጠይቀው ሃርት «ሕግ ነበር» ያለው ነገር በእርግጥ እንደ ሕግ ይሠራ ነበር ወይ ብሎ ነው።

ይህን ካልሽ ፈታኙ እስክሪብቶውን ያነሳል፣ አምናለሁ።

«ራድብሩክስ?»

ጀርመናዊው የሕግ ፈላስፋ ራድብሩክ ላይ ተማሪው ሁሉ ግማሹን ብቻ ይዞ ይመጣል። «እጅግ ኢፍትሐዊ ሕግ ሕግ አይደለም» የሚለውን። እ.ኤ.አ. በ1946 በጻፈው ላይ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ሌላኛው ግማሽ ነው። በመደበኛው ሕጉ ኢፍትሐዊ ቢሆንም የበላይነቱን ይይዛል፣ ምክንያቱም የሕግ እርግጠኝነት ራሱ ዋጋ አለው። ቦታውን የሚለቀው ኢፍትሐዊነቱ ከመጠን አልፎ የማይታገሡት ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ ለብቻው ደግሞ ሕጉ ሲወጣ እኩልነት ሆን ተብሎ ከተካደ፣ ያ ነገር ከመነሻው የሕግነት ባሕርይ የለውም ይላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ካልተናገርሽ «ስለዚህ ራድብሩክ ዘንድ ዳኛ ያልወደደውን ሕግ ሁሉ ይተዋል?» ይልሻል። መውጫ የለሽም።

አሁን ወጥመዷ፦ «ያ የባምበርግ ፍርድ ቤት የናዚውን ሕግ ዋጋ የለውም ብሎ ሻረው?»

እንዳትቸኩዪ። ሃርት በ1958 ሲጽፍ የተመረኮዘው በአንድ አጭር የጉዳይ ዘገባ ላይ ነበር፣ ዘገባው ደግሞ የተሳሳተ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕጉን አልሻረውም። ሞት የፈረደውን ዳኛ በጊዜው በሚሠራ ሕግ ስለፈረደ ተጠያቂ አላደረገውም። ሴትየዋን ግን ፍርድ ቤትን ለግል ቂሟ መሣሪያ አድርጋለች ብሎ ጥፋተኛ አላት። ሃርት ራሱ በ1961 መጽሐፉ ማስታወሻ ላይ ይህን ተቀብሏል። ጉዳዩን እሱ እንዳቀረበው እንደ ምናባዊ ምሳሌ ውሰዱት ብሎ አለፈ። አንቺም እንዲሁ ብትዪ በቂ ነው። «ታሪኩ ሃርት መጀመሪያ እንደጻፈው አይደለም፤ ክርክሩ ግን በምናባዊው ታሪክም ይቆማል።» በነገራችን ላይ ይህቺን ያወቀ ተማሪ በጥንቃቄ እንዳነበበ ፈታኝ ወዲያው ይረዳል። ሳይጠየቅ ግን ማውራት የለበትም፣ ጉራ ይመስላል።

እዚህ ድረስ ከደረስሽ ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። መምጣታቸው አይቀርም። «የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሒደት የራድብሩክ ጉዳይ ነው?»

ብዙ ሰው «አዎ» ብሎ ይዘላል፣ ሁለቱ ነገሮች ላይ ላዩን ስለሚመሳሰሉ። ክፉ ሥርዓት፣ ከወደቀ በኋላ የመጣ ክስ። ግን ሕጉን እዪ። ክሱ በዋናነት የተመሠረተው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። ያ ሕግ ከደርግ በፊት የወጣ ነው። የዘር ማጥፋትን ሲተረጉም የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሯል። እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የዘር ማጥፋት ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድንን አልጨመረም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲላቸው፣ በአብዛኛው ዳኞች መንገድ ከሄድን፣ ከሕግ በላይ ያለ ሕግ መጥራት አላስፈለገውም። ድርጊቱ ሲፈጸም በመጽሐፍ የነበረ ሕግ ነው የተሠራበት። ሃርትም ምንም አይከፋው።

ተከታዩ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይጠነክራል። በዚያው ፍርድ ላይ በሐሳብ የተለዩ ዳኛ ነበሩ። የአንቀጹ የፖለቲካ ቡድን ክፍል ደርግ ራሱ ባወጣቸው ሕጎች ተሽሯል የሚል አቋም ነበራቸው። ፈታኙ ይህን ይዞ «እሺ፣ ደርግ አንቀጹን በግልጽ ሽሮት ቢሆንስ ኖሮ?» ይልሻል። ራድብሩክ በትክክል የሚገባው አሁን ነው። ሽረቱን ሕግ ነው ትያለሽ ወይስ አይደለም? ሕግ ነው ካልሽ ሌላ አንቀጽ መፈለግ ወይም እንደ ሃርት ዋጋውን በግልጽ መክፈል ነው። አይደለም ካልሽ ኢፍትሐዊነቱ የማይታገሡት ደረጃ ላይ ለምን እንደደረሰ ማስረዳት አለብሽ። የትኛውንም ብትመርጪ ፈታኙ አይጨክንብሽም። የሚጨክንብሽ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስትይዢ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ፈታኝ ወደ ኬልሰን ይታጠፋል። «ንጉሡ ወርደው፣ ሕገ መንግሥቱ ታግዶ፣ የንጉሡ የወንጀል ሕግ እንዴት ሕግ ሆኖ ቀጠለ?» አጭሩ መልስ፦ ለኬልሰን ቃሉ የድሮው ነው፣ ሕግነቱን የሚሰጠው መሠረት ግን አዲስ ነው። ሥርዓቱ በአብዮት ሲለወጥ መሠረታዊው ደንብ አብሮ ይለወጣል፣ አዲሱ ሥርዓት የተቀበላቸው የድሮ ሕጎችም በአዲሱ መሠረት ላይ ይቆማሉ። ከዚህ በላይ ካልጠየቁሽ እዚያው ላይ ቁሚ።

አሁን ወደ ዶርማችሁ ልመለስ። የናንተ ሞክ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው፤ ጓደኛሽ ከመልስሽ ላይ ተነስታ ነው የጠየቀችሽ። ብዙ ቡድን ይህን አያደርግም። ወረቀት ላይ ሃያ ጥያቄ ጽፎ ይመጣና ተራ በተራ ይጠይቃል። «ኦስቲን ስንት ዓመተ ምሕረት ተወለደ» ዓይነት። ያ የቃል ፈተና አይደለም፣ ጥያቄና መልስ ውድድር ነው።

ሦስት ናችሁ፣ ጥሩ ቁጥር ነው። አንዷ ትጠይቅ፣ አንዷ ትመልስ፣ ሦስተኛዋ ትጻፍ። ጠያቂዋ የተዘጋጀ ጥያቄ የሚኖራት አንድ ብቻ ይሁን፣ የመክፈቻው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከመላሿ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መውጣት አለበት፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ። ምን ልጠይቅ ብላ ከጨነቃት ሦስት መንገድ አላት። መልሱን እስከ ጫፍ ትግፋው፦ «ስለዚህ ሁሌም ነው?» ወደ አንድ ጉዳይ ታውርደው፦ «በሚስትየዋ ላይ ምን ያደርጋል?» ወይም ቀድሞ ከተባለ ነገር ጋር ታጋጨው፦ «ቅድም እንዲህ ብለሽ አልነበረም?» አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ጠያቂዋ ትደክምና ማስተማር ትጀምራለች።

ጸሐፊዋ የምትጽፈው ሁሉን አይደለም። አንቺን የሚያስሩ ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ ነው፣ «ሃርት እንዲህ ይላል»፣ «ሁሉም»፣ «በፍጹም»፣ «ስለዚህ» ያለባቸውን። ሲያልቅ ሦስታችሁም ዝርዝሩን ይዛችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህን በእርግጥ ማን አለ? እስከ የት ድረስ? የአንቺ የመጀመሪያ ሞክ በዚህ መንገድ ቢታይ፣ «አይገናኙም» የሚለው ቀይ ይሰመርበት ነበር። የቀረው ሁሉ ከዚያ እንደመጣ በአምስት ደቂቃ ታዪው ነበር።

ካነበብሽ ደግሞ የ1958ቱን ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ፣ ከኖትሽ ላይ አይደለም። ኖት ላይ «ሃርት — መለያየት፣ ፉለር — ውስጣዊ ሞራል» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከዚያ ውስጥ ተከታይ ጥያቄ የሚመልስ ነገር አታገኚም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ፈተናው ላይ የተናገርሽው ስህተት መሆኑ በመሃል ከታወቀሽ መልሰሽ ውሰጂው። «ቅድም ያልኩትን ላስተካክል፤ የግድ የሆነ ግንኙነት የለም ማለቴ ነው።» ተማሪ ይህን ማለት ሽንፈት ይመስለዋል። ከጠረጴዛው ማዶ ሲታይ ግን ተቃራኒው ነው፣ የራሷን ዓረፍተ ነገር መመርመር የምትችል ተማሪ ናት ማለት ነው። ስህተቱን ይዛ እስከ መጨረሻ የምትሟገተው ናት የምታሳዝነው።

የናዚውን ጉዳይ ከለመዳችሁት በሁለተኛው ሳምንት የሚቀጥለውን ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ1889 የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። አንድ የልጅ ልጅ አያቱ በኑዛዜ እንዳወረሱት ያውቃል። ኑዛዜውን እንዳይቀይሩበት መርዞ ገደላቸው። የኑዛዜ ሕጉ ስለ ነፍሰ ገዳይ ወራሽ የሚለው ነገር አልነበረም። አብዛኞቹ ዳኞች ማንም ከራሱ ጥፋት አይጠቀምም ብለው ከለከሉት። አሜሪካዊው የሕግ ፈላስፋ ድዎርኪን እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን ይዞ በሃርት ላይ ተነሳ። ደንቡ ዝም ባለበት ዳኛው በገዛ ምርጫው አልፈረደም፣ ሕግ በሆነ መርሕ ነው የፈረደው አለ። የመክፈቻው ጥያቄ «ይህ ውሳኔ ሃርትን ያሸንፋል?» ይሁን። ሁለተኛው «ፍርድ ቤት የሚሠራበት መርሕ ሃርት ምን ሕግ እንደሆነ በሚለይበት በዕውቅና ደንቡ በኩል ሕግ ሆኖ ሊገባ አይችልም?»። ሦስተኛውን እኔ ልስጣችሁ። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 838 ሟችን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው ለመውረስ የተገባ አይደለም ይላል። «ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ ድዎርኪን ምን ይሠራል?» መልሱን አልነግራችሁም፣ ሦስታችሁ ተናከሱበት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በሞክ ላይ የማይገኝ። አንዳንድ ፈታኝ ከመልስሽ በኋላ ምንም አይልም። ዝም ብሎ ያይሻል። ያኔ አፍሽ ባዶውን ለመሙላት ይቸኩላል፣ ልክ የነበረውን መልስሽን አንቺው ራስሽ ታበላሺዋለሽ። ስለዚህ ጠያቂዋ አንድ ሁለቴ ሆን ብላ አምስት ሰከንድ ዝም ትበል። ያልሽውን ከጨረስሽ ዝም ብለሽ አብረሻት ቁጠሪ።